«ርክክብ» በአንድ ውል ውስጥ አራት መልክ ሲይዝ፦ ትርጓሜ የተሰጣቸው ቃላት በረጅም ውል ውስጥ እንዴት ይዛባሉ? እንዴትስ ይስተካከላሉ?

የውል ክትትል ባለሙያ (ጥያቄውን ያቀረበችው)

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ የውል ክትትል ባለሙያ ነኝ። እኔ ከመቀጠሬ በፊት የተፈረመ፣ ከነአባሪዎቹ 90 ገጽ የሚጠጋ የቢሮ ሕንፃ ግንባታ ውል አለን። ሥራው አልቆ ሒሳብ የሚዘጋበት ጊዜ ሲደርስ ከተቋራጩ ጋር መግባባት ያቃተን በአንድ ቃል ምክንያት ነው።

የትርጓሜ አንቀጹ «ጊዜያዊ ርክክብ ማለት ሥራው በመሠረቱ መጠናቀቁን በመግለጽ አማካሪ መሐንዲሱ የጊዜያዊ ርክክብ የምስክር ወረቀት የሰጠበት ቀን ነው» ይላል። እስከዚህ ድረስ ምንም ችግር አይታየኝም። የመዘግየት ቅጣትን የሚደነግገው አንቀጽ 32 ግን ቅጣቱ የሚቆጠረው «ተቋራጩ ሥራውን አጠናቆ ለአሠሪው እስከሚያስረክብ ድረስ» እንደሆነ ይገልጻል። ከተቋራጩ ክፍያ እየተቀነሰ ስለሚቆየው የመያዣ ገንዘብ የሚናገረው አንቀጽ 41 በበኩሉ ግማሹ ገንዘብ «ከርክክብ በኋላ» ይለቀቃል ይላል፤ ጊዜያዊው ይሁን የመጨረሻው አይለይም። በልዩ የውል ሁኔታዎች ውስጥ ደግሞ የጉድለት ማረሚያው 365 ቀን መቆጠር የሚጀምረው «ሕንፃው ለአሠሪው ከተላለፈበት ቀን አንስቶ» ነው።

የውሉ ዋጋ 60 ሚሊዮን ብር ሲሆን ቅጣቱ በቀን 0.1 በመቶ ማለትም 60,000 ብር ነው፤ ጣሪያው 10 በመቶ ነው። ሥራው ሚያዝያ 30 ቀን መጠናቀቅ ነበረበት። ሰኔ 15 ቀን ቁልፎቹን በቃለ ጉባኤ ተረክበን ምድር ቤቱን መጠቀም ጀመርን። አማካሪው የምስክር ወረቀቱን የሰጠው ግን ሐምሌ 20 ቀን ነው። ተቋራጩ የዘገየሁት 45 ቀን ነው፣ ቅጣቱም 2,700,000 ብር ነው ይላል። የእኛ ፋይናንስ ክፍል 80 ቀን ቆጥሮ 4,800,000 ብር ሊቀንስ ነው። ልዩነቱ 2,100,000 ብር ነው።

ይህን ክርክር ማን ይረታል የሚለው ለጠበቆቻችን የተተወ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ተመሳሳይ መጠን ያለው ሁለተኛ ውል አሁን በረቂቅ ደረጃ ጠረጴዛዬ ላይ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ መዛባት ጠንቃቃ ሰዎች በተሳተፉበት ሰነድ ውስጥ በምን መንገድ ይገባል? ከመፈረሙ በፊትስ እንዴት አድርጌ ልፈልገው?

አዲስ አርቃቂ

እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ ይህን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። የትርጓሜ አንቀጽ የሚጻፈው ቃሉ በውሉ ውስጥ በተነሣበት ቦታ ሁሉ ያንኑ ትርጉም እንዲይዝ ነው። ስለዚህ በአንቀጽ 32ም ሆነ በ41 ርክክብ ሲባል የምስክር ወረቀት የተሰጠበት ቀን ነው፤ 80 ቀኑ ትክክል ነው። ለሁለተኛው ረቂቅ ደግሞ በዎርድ ውስጥ `Replace All` የሚለውን ተጠቅመው «ርክክብ» የሚለውን በሙሉ «ጊዜያዊ ርክክብ» በሚለው ቢተኩት በአንድ ደቂቃ ያልቃል።

የቆየ አርቃቂ

አዲስ አርቃቂ ከተናገሩት ግማሹ ልክ ነው። የተተረጎመ ቃል በተተረጎመበት መልኩ በተጠቀሰ ቁጥር ትርጉሙን ይዞ ይሄዳል። ነገር ግን አንቀጽ 32 የተተረጎመውን ቃል አልተጠቀመም፤ «እስከሚያስረክብ ድረስ» የሚል ግሥ ነው የተጠቀመው። ማስረከብ የተቋራጩ ድርጊት ነው፤ የምስክር ወረቀት መስጠት የአማካሪው ድርጊት ነው። የተቋራጩ ጠበቃ ተነሥቶ «ተዋዋዮቹ የምስክር ወረቀቱን ቀን ማለት ፈልገው ቢሆን ኖሮ በእጃቸው የነበረውን ቃል ይጠቀሙ ነበር፤ ሌላ ቃል መምረጣቸው ሌላ ነገር ማለታቸው ነው» ቢል ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። የትርጓሜ አንቀጽ ባይኖር ኖሮ እንዲያውም ይህ ክርክር ባልተነሣ ነበር። ከትርጓሜው መውጣት ትርጉም ያለው ድርጊት ሆኖ የሚታየው ትርጓሜው በመኖሩ ነው።

ስለ `Replace All` ግን እባክዎን ይጠንቀቁ። በግንባታ ውል ውስጥ ቢያንስ ሦስት ርክክብ አለ፤ ሥራው ሲጀመር ለተቋራጩ የሚደረገው የሳይት ርክክብ፣ ጊዜያዊው ርክክብና የመጨረሻው ርክክብ። ያሉትን ቢያደርጉ «የሳይት ጊዜያዊ ርክክብ»፣ «የመጨረሻ ጊዜያዊ ርክክብ» እና «ጊዜያዊ ጊዜያዊ ርክክብ» የሚሉ ሐረጎች ይፈጠራሉ። የመጨረሻውን ማንም አይቶ ያርመዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን በ90 ገጽ ውስጥ ተሰውረው እስከ ፊርማ ሊደርሱ ይችላሉ፤ ከነበረው ስሕተት የከፋ ስሕተት ይሆናሉ ማለት ነው።

እኅቴ፣ ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። መዛባቱ በምን መንገድ እንደገባ የእርስዎ ውል ራሱ ይናገራል። አንቀጽ 32 ከትርጓሜው ጋር አንድ ላይ የተጻፈ አይመስለኝም፤ ከቀደመ ውል ተቆርጦ የመጣ አንቀጽ ጠባይ አለው፤ ያ የቀደመ ውል ምናልባትም የትርጓሜ አንቀጽ አልነበረውም። አንቀጽ 41 በድርድር መጨረሻ የገባ ይመስላል፤ የመያዣ ገንዘብ መለቀቂያ ሁልጊዜ በመጨረሻው ስብሰባ የሚነሣ ጉዳይ ነውና፣ በጠረጴዛ ዙሪያ ያሉት ሰዎች በሙሉ የትኛውን ርክክብ እንደሚሉ ስለሚያውቁ ቅጽሉን መጻፍ ትዝ አይላቸውም። ልዩ የውል ሁኔታዎቹ በመሐንዲስ ወይም በግዥ ክፍል የተዘጋጁ ናቸው፤ «ተላለፈ» የሕግ ባለሙያ የሚመርጠው ቃል አይደለም። እንግዲህ ሦስት እጆች በሦስት ጊዜ ጽፈዋል፤ እያንዳንዳቸው የጻፉት ለብቻው ሲነበብ ትክክል ነው። ረጅም ውል የሚዛባው ባብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። አንድ ሰው ሙሉውን በአንድ ተቀምጦ የሚያነበው ከተፈረመ በኋላ ክርክር ሲነሣ ነው።

ሌላም አለ። ትምህርት ቤት አንድን ቃል ደጋግመን እንዳንጽፍ ተምረናል። ድርሰት ስንጽፍ ጥሩ ልማድ ነው፤ በውል ውስጥ ግን «ርክክብ»ን በሚቀጥለው መስመር «ማስተላለፍ» ብሎ መለወጥ አዲስ ድርጊት መፍጠር ነው።

የሳይት መሐንዲስ

እኔ የማውቀውን ልጨምር። የርክክብ ቃለ ጉባኤና የምስክር ወረቀት በተለያየ ቀን መውጣታቸው በሳይት ላይ የተለመደ ነው። አማካሪው ሲጎበኝ የጉድለት ዝርዝር ያወጣል፣ ተቋራጩ ያንን ሲያስተካክል ሳምንታት ያልፋሉ፣ ከዚያ ደግሞ ፋይሉ የአማካሪው ቢሮ ውስጥ ይቆያል። አንድ ፕሮጀክት ላይ የጉድለት ዝርዝሩ ውስጥ የነበረው የበር እጀታና የቀለም ንክኪ ብቻ ሆኖ ሳለ ወረቀቱ ከአንድ ወር በላይ ተጓትቷል። ተቋራጩ በአማካሪው መዘግየት ለምን ይቀጣል? ፍትሐዊ አይመስለኝም። ድርጅታችሁ ምድር ቤቱን እየተጠቀመበት ቅጣት መቁጠሩ ደግሞ ይባስ ያስገርማል።

የውል ክትትል ባለሙያ

መሐንዲስ፣ አስተያየትዎን አከብራለሁ፤ ይሁንና የእኔ ጥያቄ ቅጣቱ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚል አልነበረም። ሁለቱ ቀኖች በአንድ ቃል ሥር እንዴት እንደተደባለቁ ነው።

የቆየ አርቃቂ

መሐንዲሱ ሳያስቡት ወደ ዋናው ነገር ወስደውናል። የትርጓሜው አንቀጽ ራሱ ጉድለት አለበት። «የሰጠበት ቀን» ስለሚል ሁሉም ነገር አማካሪው ፊርማውን ባኖረበት ቀን ላይ ተንጠለጠለ። ፊዲክ የተባለው የአማካሪ መሐንዲሶች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣው የግንባታ ውል ናሙና፣ ቀዩ መጽሐፍ፣ በአንቀጽ 10.1 ይህን በሌላ መንገድ ነው የፈታው፤ መሐንዲሱ ማመልከቻው በደረሰው በ28 ቀናት ውስጥ የምስክር ወረቀቱን መስጠት ወይም ምክንያቱን ገልጾ መከልከል አለበት፤ ሲሰጥም ሥራው የተጠናቀቀበትን ቀን በወረቀቱ ላይ ይጠቅሳል። ወረቀቱ የወጣበት ቀንና በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቀን የተለያዩ ናቸው ማለት ነው። ለሁለተኛው ረቂቅ ትርጓሜውን «በምስክር ወረቀቱ ላይ ሥራው የተጠናቀቀበት ሆኖ የተጠቀሰው ቀን» ወደሚል ቢለውጡት የመሐንዲሱ ቅሬታም በአብዛኛው ይመለሳል። ቃሉን ወጥ ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ የተሳሳተ ትርጓሜ ወጥ ሆኖ ከተተገበረ ስሕተቱ በሁሉም አንቀጽ ይባዛል።

ተርጓሚ ከሜሪላንድ

በሁለት ቋንቋ የሚዘጋጁ ውሎችን ስለምተረጉም ከዚያ በኩል ያየሁትን ላካፍል። በእንግሊዝኛ ውል ውስጥ ትርጓሜ የተሰጠው ቃል በትልቅ ፊደል ይጀመራል፤ አንባቢው ያንን ሲያይ ወደ ትርጓሜው አንቀጽ መሄድ እንዳለበት ያውቃል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ይህ ምልክት ወደ አማርኛ ሲመጣ ይጠፋል። በእንግሊዝኛው ቅጂ በትልቅ ፊደል የተጻፈው «ሥራ» በውሉ የተተረጎመው ግንባታ ነው፤ በትንሽ ፊደል የተጻፈው ማንኛውም የጉልበት ሥራ ነው። በአማርኛው ሁለቱም ያው «ሥራ» ናቸው። ስለዚህ እኔ ረቂቁ ላይ የተተረጎሙ ቃላትን በሙሉ አጥቁሬ እጽፋለሁ፤ ደንበኞችም ከፈረሙ በኋላ እንዲቆይ ይጠይቁኛል።

ጠበቃ ከባሕር ዳር

ስለ ማጥቆሩ አልስማማም። በረቂቅ ጊዜ ለመሥሪያ ይጠቅም ይሆናል፤ በተፈረመ ውል ውስጥ ግን አንድ ቦታ ላይ ማጥቆር ከተረሳ «እዚህ ያልጠቆረው ሆን ተብሎ ነው» የሚል አዲስ ክርክር ይከፈታል። ኮፒ ማሽን ሲያደበዝዘውና ፒዲኤፍ ሲገለበጥ ምን እንደሚሆንም አስቡት። ይልቅ ቃሉን ራሱን ከተራ ንግግር ጋር እንዳይምታታ አድርጎ መምረጥ ይሻላል። «ሥራ» ከሚባል «የግንባታ ሥራው» ቢባል የተሻለ ነው።

በሕጉ በኩል አዲስ አርቃቂ «ትርጓሜው ይገዛል» ስላሉት ጥቂት ልበል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1733 የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኞች ከዚያ ወጥተው የተዋዋዮቹን ሐሳብ በትርጉም እንዳይፈልጉ ይከለክላል። ሁለቱም ወገኖች በዚህ አንቀጽ ሊጀምሩ ይችላሉ፤ አንደኛው ትርጓሜው ግልጽ ነው ይላል፣ ሌላኛው «እስከሚያስረክብ» ግልጽ ነው ይላል። አሻሚ ነው ከተባለ አንቀጽ 1734 ወደ ተዋዋዮቹ የጋራ ሐሳብና ከውሉ በፊትም ሆነ በኋላ ወዳሳዩት አኳኋን ይወስዳል፤ ሰኔ 15 ቀን ቁልፍ ተቀብሎ ምድር ቤቱን መጠቀም እዚህ ላይ ይነሣል። አንቀጽ 1736 የውሉ ቃላት አንዱ በሌላው እንዲተረጎሙ ያዛል፤ ይህ ለአሠሪው ይጠቅማል። የማያስደስተው ክፍል አንቀጽ 1738 ነው። በሌላ መንገድ መተርጎም ካልተቻለ ለባለዕዳው በሚጠቅም መንገድ ይተረጎማል፤ አንዱ ወገን ብቻውን አዘጋጅቶ ሌላው እንዲቀበለው ያቀረበው ውል ከሆነም በአዘጋጁ ላይ ይተረጎማል። ለቅጣቱ ባለዕዳው ተቋራጩ ነው፤ ሰነዱን ያዘጋጀውም አሠሪው ይመስላል። እንግዲህ ማዛባቱ የሚጎዳው በብዛት ረቂቁን የጻፈውን ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ትርጓሜ አንቀጹ መግቢያ ላይ «የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር» የሚል አለበት?

የውል ክትትል ባለሙያ

አዎን፣ አለበት፤ በሁለተኛው ረቂቅም ውስጥ አለ። ከአዋጆች የተወሰደ ይመስለኛል።

የቆየ አርቃቂ

እኔ ብሆን ከረቂቁ አወጣዋለሁ። በአዋጅ ውስጥ ሕግ አውጪው ወደፊት የሚፈጠረውን ሁኔታ ሁሉ ማየት ስለማይችል ተገቢ ነው። በውል ውስጥ ግን ከትርጓሜው ለመሸሽ ለሚፈልግ ሁሉ የተከፈተ በር ነው፤ አርቃቂውም «አገባቡ ያድነኛል» ብሎ መፈተሹን ይተወዋል።

ጠበቃ ከባሕር ዳር

ከልምዴ አንጻር እኔ አላወጣውም። ምንም ያህል ቢፈተሽ በ90 ገጽ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ትርጓሜው ሲገባበት ትርጉም የማይሰጥ ዓረፍተ ነገር ይቀራል፤ ያ ሐረግ ከሌለ ዳኛው የሚይዘው ነገር ያጣል።

አከራይ ከሐዋሳ

ይቅርታ፣ እኔም በዚሁ ጉዳይ ተቸግሬአለሁ። የቤት ኪራይ ውሌ ላይ ተከራዩ ሲወጣ ቤቱን «ያስረክባል» ይላል። ቁልፉን ለጥበቃው ሰጥቶ ሄደ፤ እኔ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው ያየሁት። የሁለቱን ሳምንት ኪራይ መጠየቅ እችላለሁ?

ጠበቃ ከባሕር ዳር

ወንድሜ፣ የእርስዎ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው። ሁለት ገጽ በሆነ የኪራይ ውል ውስጥ ያለው ችግር ቃሉ ፈጽሞ አለመተርጎሙ እንጂ መዛባቱ አይደለም። ውሉን ሳላይ መልስ ልሰጥዎ አልችልም፤ በአዲስ ርዕስ ቢያቀርቡት ይሻላል።

የቆየ አርቃቂ

ወደ ፍለጋው ልመለስ፤ ባለሙያዋ በተለይ የጠየቁት እርሱን ነበርና። እኔ የምሠራበትን መንገድ በዚሁ «ርክክብ» ላይ ላሳይ።

መጀመሪያ የትርጓሜ አንቀጹን ቃላት በሙሉ በአንድ ሠንጠረዥ አወርዳለሁ። በየቃሉ ፊት ለፊት ቃሉ የተነሣበትን አንቀጽ ቁጥር በሙሉ፣ ከዚያም ተመሳሳይ ሐሳብ በሌላ ቃል የተገለጸበትን አንቀጽ እጽፋለሁ። ፊት ለፊቱ ባዶ የሆነ ቃል ካገኘሁ የተተረጎመ ግን ጥቅም ላይ ያልዋለ ቃል ነው፤ ከሌላ ውል ተርፎ የመጣ ነውና ይሰረዛል፤ ወይም ደግሞ በሌላ ስም እየተጠራ ነው።

ፍለጋው ላይ የአማርኛ ጠባይ ያስቸግራል። «ርክክብ» ብለው ቢፈልጉ «የርክክብ» እና «በርክክብ» ይወጡልዎታል፤ «ርክክቡ»፣ «ርክክባቸው» ግን አይወጡም፤ የመጨረሻው ፊደል ተለውጧልና። ስለዚህ «ርክክ» ብቻ ብለው ይፈልጉ። ግሦቹ ከዚያም ይርቃሉ፤ «ሲያስረክብ»፣ «የተረከበበት»፣ «ተረክቦ»፣ «እስኪረከብ» የሚሉትን ለማግኘት «ረከ» እና «ረክ» ብለው ለየብቻ መፈለግ ያስፈልጋል። አንቀጽ 32 ያመለጠው በትክክል እዚህ ላይ ነው፤ ቃሉን ብቻ የፈለገ ሰው «እስከሚያስረክብ»ን አያየውም። ቀጥሎ ዘመዶቹን እፈልጋለሁ፤ «ተላለፈ»፣ «ተጠናቀቀ»፣ «አለቀ»፣ «ተቀበለ»። ሆሄያቱም የራሳቸው ጣጣ አላቸው፤ አንዱ አርቃቂ «ሥራ» ሌላው «ስራ» ብሎ ከጻፈ ፕሮግራሙ እንደ ሁለት ቃል ነው የሚያያቸው። በዎርድ `Use wildcards` የሚለውን አብርተው `[ሥስ]ራ` ቢጽፉ ሁለቱንም ያወጣልዎታል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የማሽን አይደለም። በእያንዳንዱ ቦታ ቃሉን አውጥቼ ትርጓሜውን በምትኩ አስገብቼ ዓረፍተ ነገሩን አነበዋለሁ። አንቀጽ 41ን እንሞክረው፦ «ግማሹ የመያዣ ገንዘብ አማካሪ መሐንዲሱ የጊዜያዊ ርክክብ የምስክር ወረቀት ከሰጠበት ቀን በኋላ ይለቀቃል»። ይሄዳል፤ የጎደለው ቅጽሉና በስንት ቀን ውስጥ የሚለው ብቻ ነው። ልዩ ሁኔታዎቹን ደግሞ እንሞክር፤ 365 ቀኑ ከምስክር ወረቀቱ ቀን ይቆጠር ቢባል አሠሪው ከሰኔ 15 ጀምሮ ሲጠቀምበት ለነበረው ምድር ቤት ተቋራጩ 35 ቀን የበለጠ ዋስትና ሰጠ ማለት ነው። ይህ ተፈልጎ ነው? ካልተፈለገ «ተላለፈ» የሚለው ስሕተት አይደለም፤ የራሱ ስምና የራሱ ትርጓሜ የሚያስፈልገው ሌላ ክስተት ነው፤ «የከፊል ይዞታ ቀን» ልንለው እንችላለን። ይህን ሳይጠይቁ ሁሉንም ወደ አንድ ቃል መጠቅለል የተዋዋዮቹን ስምምነት መለወጥ ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ቦታ ሲያጋጥመኝ በራሴ አላርመውም፣ ለድርድሩ ሰዎች ጥያቄ አድርጌ እመልሰዋለሁ።

አዲስ አርቃቂ

ማብራሪያውን ተቀብያለሁ፤ ስለ `Replace All` የሰጠሁትን ሐሳብ አንሥቻለሁ። አንድ ነገር ግን ግልጽ አልሆነልኝም። ይህ ሁሉ ፍተሻ ከተደረገ በኋላ በፊርማው ዋዜማ ሌላኛው ወገን አንድ አንቀጽ ለውጦ ቢልክስ?

የቆየ አርቃቂ

ብዙ ጊዜ የሚሆነውም እንደዚያ ነው። ሙሉውን ዳግመኛ መፈተሽ አይቻልም፤ ሠንጠረዡ የሚጠቅመው በዚያ ሰዓት ነው። አዲሱን አንቀጽ ከቀድሞው ጋር በ`Compare` አስተያይተው የተለወጡትን ቃላት ብቻ በሠንጠረዡ ላይ ይፈልጋሉ። የተለወጠው የትርጓሜ አንቀጹ ራሱ ከሆነ ግን አቋራጭ የለም፤ ያ ቃል የተነሣባቸው አንቀጾች በሙሉ ትርጓሜው እየገባባቸው እንደገና ይነበባሉ። ለዚህ ጊዜ ካልተሰጠ ፊርማው አንድ ቀን ቢዘገይ እመርጣለሁ። አባሪዎችንም እንዳይረሱ፤ የሥራና የዋጋ ዝርዝሩ መግቢያ ላይ ብዙ ጊዜ ለብቻው የተጻፈ ሌላ ትርጓሜ ይገኛል።

የውል ክትትል ባለሙያ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት «ረከ» እና «ረክ» እያልኩ ሁለተኛውን ረቂቅ ፈለግሁ፤ የቅጣት አንቀጹ እዚያም «እስኪያስረክብ ድረስ» ይላል፣ ከዚሁ ከፊተኛው ውል የተገለበጠ ነው። በሚከተለው ለመተካት አቅርቤአለሁ፦ «የመዘግየት ቅጣት የሚቆጠረው ከማጠናቀቂያ ጊዜው ማብቂያ ማግስት ጀምሮ እስከ ጊዜያዊ ርክክብ ቀን ድረስ፣ የጊዜያዊ ርክክብ ቀንን ጨምሮ ነው።» ትርጓሜውንም በምስክር ወረቀቱ ላይ ወደተጠቀሰው ቀን ቀይሬዋለሁ።

ስለተፈረመው ውል አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። የመያዣ ገንዘቡ ሁለተኛ ግማሽና የጉድለት ማረሚያው ጊዜ ገና ስላላለቁ አንቀጽ 41ንና ልዩ ሁኔታዎቹን አሁን በማሻሻያ ውል ማስተካከል ይቻላል። ኃላፊዬ ግን «አሁን ማሻሻያ ካቀረብን አንቀጽ 32ም አሻሚ እንደነበር አመንን ማለት ነው» ብለው ይሰጋሉ።

ጠበቃ ከባሕር ዳር

የኃላፊዎ ስጋት መሠረት አለው። በማሻሻያው ውስጥ «ይህ ማሻሻያ በአንቀጽ 32 ላይ ያለውን ክርክር አይነካም፣ እንደ ማመንም አይቆጠርም» የሚል ሐረግ ማስገባት ይቻላል፤ ተቋራጩ ግን ያንን ሐረግ በነጻ የሚፈርምልዎ አይመስለኝም፤ በምላሹ የቅጣቱን ቀን ሊያስደራድር ይችላል። ማሻሻያውን ከወሰናችሁ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 1722 ልብ በሉ፤ ውሉ በልዩ ፎርም የተደረገ ከሆነ ማሻሻያውም በዚያው ፎርም መደረግ አለበት፤ በደብዳቤ ልውውጥ አይበቃም።

የሳይት መሐንዲስ

ድርድር ላይ ከተደረሰ ሰኔ 15 ቀን የተፈረመውን ቃለ ጉባኤ አውጥታችሁ ከሥሩ የተያያዘውን የጉድለት ዝርዝር ተመልከቱ። ዝርዝሩ ውስጥ አሳንሰሩ ወይም የእሳት መከላከያው ካለበት ሕንፃው በዚያ ቀን በመሠረቱ አልተጠናቀቀም ማለት ነው፤ የቀለምና የእጀታ ነገር ብቻ ከሆነ ግን 80 ቀኑን ለመከላከል ይከብዳችኋል።

የውል ክትትል ባለሙያ

ዝርዝሩን አሁን አወጣሁት። አሳንሰሩ የለበትም፤ ተጠባባቂ ጄኔሬተሩ ግን «ፍተሻ ይቀረዋል» ተብሎ ተጽፏል። «በመሠረቱ ተጠናቀቀ» የሚለውን ሐረግ ውላችን የትም ቦታ አልተረጎመውም።